ሽቦውና ሉሉ፦ የኤሌክትሪክ መስክ በርቀት እንዴት ይዳከማል?

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ድንበር አቋርጦ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ የሚዘልቀው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ሲሆን፣ ይህ መስመር ግን የሚሠራው አቅጣጫውን በማይቀይር ኤሌክትሪክ፣ በተለምዶ ዲሲ በምንለው ነው። አንደኛው ወገን ከመሬት አንጻር 500 ሺህ ቮልት ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ወገን 500 ሺህ ቮልት ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል። በመሆኑም በሽቦዎቹ ገጽ ላይ የሰፈረው ቻርጅ ሰዓታትን ሙሉ ያው ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቻርጅ የተሸከመ መስመር ሲባል ፊዚክስ የሚያስበው ነገር ከሞላ ጎደል ይህ ነው።

በዚህ የቮልቴጅ ደረጃ ያሉ መስመሮችን ቀና ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከማማው ላይ የሚንጠለጠለው አንድ ወፍራም ሽቦ አይደለም፤ በመካከላቸው ክንድ የሚያህል ክፍተት ያላቸው ሦስት ወይም አራት ሽቦዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁሉም የሚሸከሙት አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ነው። ለምን ተከፋፈሉ? ለመልሱ በሽቦው ገጽ ላይ፣ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከዚያም መሬት ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ማስላት መቻል አለብን። በሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የተዘራውን ቻርጅ አንድ በአንድ እየደመሩ ማስላት አድካሚ ነው። ደግነቱ አያስፈልግም፤ ቅርጹ ራሱ አብዛኛውን ሥራ ይሠራልናል።

የኤሌክትሪክ መስክ ማለት አንድ ትንሽ ቻርጅ እዚያ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚገፋ ወይም እንደሚሳብ፣ ወዴትም እንደሚሄድ የሚነግረን መጠን ነው። የሚለካው በቮልት በሜትር ነው። አንድ ቁጥር እንያዝ፦ በባሕር ጠለል ደረጃ ያለ ደረቅ አየር የሚቋቋመው ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት በሜትር ነው። ከዚያ ሲያልፍ በአየሩ ውስጥ በነፃ የሚንቀሳቀሱ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከአየር ሞለኪዩሎች ጋር እየተጋጩ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራሉ፤ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው አየር አስተላላፊ ይሆናል፤ ብልጭታም ይታያል።

ቀላል ስለሆነ ከሉል እንጀምር። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቫን ደ ግራፍ የሚባል፣ ከላዩ ክብ የብረት ራስ ያለው መሣሪያ አለ። የራሱ ሬዲየስ 15 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ቻርጁ በገጹ ላይ እኩል ተሰራጭቷል። አሁን አንድ ሰው ይህን ሉል እናንተ ሳታዩ ቢያዞረው፣ ስትመለሱ መዞሩን የምታውቁበት ምንም ምልክት የለም። ቻርጁ ሲዞር ያው ከሆነ፣ መስኩም ሲዞር ያው መሆን አለበት። መስኩ ወደ ግራ ያዘነበለ ቢሆን ኖሮ፣ ሉሉን ስናዞር ማዘንበያው አብሮ ዞሮ መዞሩን ባሳበቀ ነበር። ስለዚህ መስኩ ወደ ጎን ሊያዘነብል አይችልም፤ ከማእከሉ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ (ቻርጁ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ) ብቻ ይሄዳል። ከማእከሉ እኩል በራቁ ቦታዎች ሁሉም መጠኑ እኩል ነው። ይህ ሲሜትሪ የሚባለው ነው፤ እስካሁን አንድም ቁጥር አልነካንም፣ የመስኩ አቅጣጫ ግን ተገኝቷል።

መጠኑን ለማግኘት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1835 የጻፈው ሕግ ያስፈልገናል። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1867 ነው። ሕጉ የሚለው ይህ ነው፦ በየትኛውም ዝግ ገጽ በኩል ወደ ውጭ የሚያልፈው ጠቅላላ መስክ የሚወሰነው በገጹ ውስጥ ባለው ቻርጅ ብቻ ነው። ገጹ ሰፊ ቢሆን ወይም ጠባብ፣ ክብ ቢሆን ወይም ማእዘን ያለው፣ ጠቅላላው አይለወጥም። በውጭ ያለ ቻርጅ በአንድ በኩል የሚያስገባውን በሌላ በኩል ያስወጣዋልና ድምሩ ላይ አይታይም።

እንግዲህ በብረቱ ሉል ዙሪያ ሰፋ ያለ የሐሳብ ሉል እንሳል። መስኩ በዚህ ገጽ ላይ በየቦታው እኩል መሆኑን ከሲሜትሪው አውቀናል፤ ስለዚህ ጠቅላላውን ለገጹ ስፋት ማካፈል ብቻ ይበቃል። የሉል ገጽ ስፋት በሬዲየሱ ካሬ ያድጋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያው ጠቅላላ መስክ አራት እጥፍ በሆነ ገጽ ላይ ሲበተን በእያንዳንዱ ቦታ ሩብ ይሆናል። በቀመር ሲጻፍ፦

E = kQ/r²

እዚህ ላይ Q ቻርጁ፣ r ከማእከሉ ያለው ርቀት፣ k ደግሞ ወደ 9 ቢሊዮን የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ነው። የቫን ደ ግራፉ ራስ በገጹ ላይ አየር የሚችለውን 3 ሚሊዮን እስኪያገኝ ድረስ ቻርጅ ይሸከም ብንል፣ የሚይዘው ከአንድ ኩሎምብ 7.5 ሚሊዮንኛውን ያህል ብቻ ነው። ከማእከሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ መስኩ ወደ 750 ሺህ ይወርዳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ 187,500 ይሆናል፤ አንድ ሜትር ተኩል ላይ 30 ሺህ ቮልት በሜትር ብቻ ይቀራል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን መስኩ መቶ ጊዜ አነሰ ማለት ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ርቀቱን ከሉሉ ገጽ ጀምረው ይለካሉ። ከገጹ 15 ሴንቲ ሜትር የራቀ ቦታ ከማእከሉ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ በቀመሩ ውስጥ 15 ያስገባ ሰው 3 ሚሊዮን ያገኛል፣ ማለትም ከእውነተኛው አራት እጥፍ። ስህተቱን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ከሉሉ በራቀ ቦታ ላይ የተገኘው መልስ ከገጹ ላይ ካለው መስክ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ ርቀቱ ከተሳሳተ ቦታ ተለክቷል።

በሉሉ ውስጥስ? ቻርጁ በሙሉ በገጹ ላይ ከሆነ፣ ውስጡ የምንስለው የሐሳብ ሉል ምንም ቻርጅ አያቅፍም። ጠቅላላው ዜሮ ነው፤ መስኩ ደግሞ በሲሜትሪው ምክንያት በየቦታው እኩል ስለሆነ በእያንዳንዱ ነጥብም ዜሮ ነው። በማእከሉ ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ገባ ብሎም ዜሮ ነው። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት አይታመንም፤ ወደ ግድግዳው የተጠጋ ነጥብ በቅርቡ ባለው ቻርጅ ሊገፋ ይገባዋል ያሰኛል። በእርግጥም የቅርቡ ግድግዳ በርትቶ ይገፋል፤ ነገር ግን በቅርብ በኩል ያለው የሉሉ ክፍል ትንሽ ነው፤ በወዲያ በኩል ያለው ሩቅ ቢሆንም እጅግ ሰፊ ነው። ኃይሉ ልክ በርቀቱ ካሬ የሚቀንስ ከሆነ ሁለቱ በትክክል ይጣፋሉ። ከካሬው ትንሽ እንኳ ዝንፍ ካለ አይጣፉም።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። በ1770ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሉል በሌላ ባዶ ሉል ውስጥ አስቀምጦ፣ ሁለቱን በሽቦ አገናኝቶ፣ የውጭውን ቻርጅ አደረገ። ከዚያ ሽቦውን አንስቶ፣ የውጭውን ሉል ከፍቶ፣ ውስጠኛው ላይ ቻርጅ መኖር አለመኖሩን መረመረ። ምንም አላገኘም። ከመሣሪያው ስሜታዊነት ተነስቶም ኃይሉ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያለው ዝምድና ከ2 ቢዛነፍ ከ1/50ኛ በላይ ሊሆን እንደማይችል አሰላ። ሥራውን ግን አላሳተመውም፤ ፈረንሳዊው ሻርል ኦገስቲን ኩሎምብ በ1785 ሕጉን በቀጥታ ለክቶ ስሙን አስጠራበት። የካቨንዲሽ ጽሑፎች በጄምስ ክለርክ ማክስዌል አዘጋጅነት የታተሙት በ1879 ነበር። እኔ ከሁለቱ የካቨንዲሹን የበለጠ አደንቃለሁ። ኩሎምብ ትናንሽ ኃይሎችን እየለካ ካሬውን ፈለገ፤ ካቨንዲሽ ግን ሲሜትሪውን አምኖ፣ ዜሮ መሆኑን ብቻ በማየት ከዚያ የላቀ ትክክለኛነት አገኘ።

ቻርጁ በገጹ ላይ ሳይሆን በሉሉ ውስጥ ሁሉ እኩል የተዘራ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በሬዲየሱ አጋማሽ ላይ የምንስለው ሉል ከጠቅላላው ቻርጅ አንድ ስምንተኛውን ያቅፋል፤ የገጹ ስፋት ደግሞ ከውጭው ሩብ ነው። ስለዚህ መስኩ በገጹ ላይ ካለው ግማሽ ይሆናል። ከማእከሉ ዜሮ ተነስቶ እኩል እየጨመረ እስከ ገጹ ይደርሳል፤ ከዚያ ውጭ በካሬ ይቀንሳል። ከውጭ ለሚለካ ሰው ግን ሁለቱ ሉሎች አንድ ናቸው፤ ቻርጁ ገጹ ላይ ይሁን ውስጡ ይዘራ በመሣሪያው ሊለይ አይችልም።

አሁን ወደ ሽቦው። እጅግ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በእያንዳንዱ ሜትር እኩል ቻርጅ የያዘ መስመር ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴን አያሳብቅም። በራሱ ዙሪያ ብናሽከረክረው ያው ነው፤ በርዝመቱ ብናንሸራትተውም ያው ነው። ሽቦውን ጫፍ በጫፍ ገልብጠን ብናስቀምጠው እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ መስኩ በሽቦው ርዝመት አቅጣጫ ሊያዘነብል አይችልም፣ ዙሪያውን ሊዞርም አይችልም፤ ከሽቦው በቀጥታ ወደ ጎን ብቻ ይወጣል። የምንስለው የሐሳብ ገጽ እዚህ ላይ ሽቦውን የከበበ ሲሊንደር ነው። በሁለቱ ክብ ጫፎቹ በኩል ምንም መስክ አያልፍም፤ መስኩ ከእነሱ ጋር ትይዩ ነውና። ሁሉም የሚወጣው በጎኑ በኩል ነው። የሲሊንደር ጎን ደግሞ ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል፣ አራት እጥፍ አይደለም። ስለዚህ፦

E = 2kλ/r

λ በአንድ ሜትር ሽቦ ላይ ያለው ቻርጅ ነው። የሉል መስክ በእጥፍ ርቀት ሩብ ሲሆን የሽቦ መስክ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከሽቦው ስንርቅ የቅርቡ ክፍል ቢደክምም፣ ቀድሞ በጣም አግድም ሆኖ ዋጋ ያልነበረው የሩቁ ክፍል ወደ እይታችን ይገባል።

ይህ ግን ሽቦው እጅግ ረጅም እስከሆነ ድረስ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቻርጅ የያዘ ዘንግ እንውሰድ፤ ከመሃሉ ወደ ጎን እንራቅ። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ እውነተኛው መስክ ቀመሩ ከሚለው 99.5 በመቶ ነው፤ ልዩነቱን በቤተ ሙከራ መለየት ይቸግራል። ግማሽ ሜትር ላይ 71 በመቶ ይሆናል። 5 ሜትር ላይ ቀመሩ ከሚለው አንድ አሥረኛ ብቻ ይቀራል፤ ዘንጉ እዚያ ሆኖ ሲታይ ነጥብ መስሏልና መስኩ በካሬ መቀነስ ጀምሯል። የሚለካ ሰው የትኛው ክልል ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ርቀቱን እጥፍ አድርጎ እንደገና ይለካ፤ ግማሽ ካገኘ በሽቦ አጠገብ ነው፣ ሩብ ካገኘ ዘንጉ ለእሱ ነጥብ ሆኗል፣ በመካከል ከሆነ ደግሞ የትኛውም ቀመር ለብቻው አይሠራለትም።

በማማዎች ላይ ለሚሄድ መስመር ርዝመቱ ችግር አይደለም። ስለዚህ ስሌቱን በአንድ ሽቦ እንሞክረው። ሽቦው 1.5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው፣ ከመሬት 20 ሜትር ከፍ ያለ፣ በ500 ሺህ ቮልት ላይ የሚገኝ ነው፤ ሌላኛው ወገን ለጊዜው የለም እንበል። ከሽቦው እስከ መሬት ያለው ቮልቴጅ 500 ሺህ እንዲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ከኩሎምብ 3.5 ሚሊዮንኛው ያህል ቻርጅ መኖር አለበት። በዚህ ቻርጅ ቀመሩ 63 ሺህን በሜትር ለተለካው ርቀት ማካፈል ብቻ ይሆናል። አሥር ሜትር ራቅ ብሎ 6,300፤ አንድ ሜትር ላይ 63 ሺህ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ 420 ሺህ። ገጹ ላይ፣ ማለትም ከማእከሉ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ 4.2 ሚሊዮን ቮልት በሜትር።

አየሩ ይህን አይችልም። ለቀጭን ሽቦ ወሰኑ ከ3 ሚሊዮን በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም መስኩ በፍጥነት ስለሚቀንስ ኤሌክትሮኖቹ ለመባዛት በቂ ርቀት አያገኙም። ሆኖም የእውነት ሽቦ ከብዙ ክሮች የተገመደ ነው፤ የዝናብ ጠብታና አቧራም ይይዛል፤ ይህ ሁሉ የተገኘውን ጭማሪ መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ በሽቦው ዙሪያ ኮሮና የሚባል ስስ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ይነሣል። ቸስስ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በጨለማ ወይን ጠጅ የሚመስል ደካማ ብርሃን ይታያል፣ በአቅራቢያ ያለ ሬዲዮ ይረበሻል፣ ኃይልም ቀንና ሌሊት ይባክናል። ብልጭታው ግን እስከ መሬት አይደርስም፤ ከገጹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ሲል መስኩ ከወሰኑ በታች ወርዷል።

መፍትሔው ሽቦውን ማወፈር ነው። እንዲያው ሬዲየሱ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ግን ማንም ማማ አይሸከመውም። አራት ተራ ሽቦዎችን በ45 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በካሬ ማእዘኖች ላይ ብናስቀምጥ፣ ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ሲታዩ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ሬዲየስ እንዳለው አንድ ወፍራም ሽቦ ይሆናሉ። ጠቅላላው ቻርጅ ይጨምራል፣ በሜትር ወደ 5.3 ሚሊዮንኛ ኩሎምብ ይደርሳል፤ ነገር ግን በአራት ስለተካፈለ ለእያንዳንዱ 1.3 ብቻ ይደርሰዋል። የጎረቤቶቹ ተጽእኖ ሲታከልበት በገጹ ላይ ያለው ከፍተኛ መስክ ወደ 1.8 ሚሊዮን ይወርዳል። በእነዚህ ሽቦዎች አጠገብ ያ ንጹሕ የክብ ሲሜትሪ እንደሌለ ልብ በሉ፦ መስኩ በቡድኑ ውጭኛ ጎን ይበረታል፣ በመካከላቸው ይደክማል። ርቀን ስንሄድ ግን ሲሜትሪው ይመለሳል፣ ቀመሩም አብሮት።

ሌላኛውን ወገን እንመልሰው። 12 ሜትር ራቅ ብሎ ኔጌቲቩ ሽቦ ተሰቅሏል እንበል። ተቃራኒ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ በሁለቱም ላይ ተጨማሪ ቻርጅ ይሰበሰባል፤ የገጹም መስክ ከ1.8 ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ያድጋል። በባሕር ዳርቻ ላይ ይህ አሁንም ከ3 ሚሊዮን በታች ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ሳስቷል፤ እፍጋቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ የሚቋቋመውም መስክ አብሮት ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ። ልዩነቱ አለቀ ማለት ነው። በደጋ አገር የሚያልፍ መስመር ቆላ ላይ ከሚያልፈው ወፍራም ሽቦ ወይም በቁጥር የበዙ ሽቦዎች የሚፈልገው በዚህ የተነሣ ነው።

በመጨረሻ መሬት ላይ እንቁም። የሽቦው ቀመር ብቻውን እዚህ ያሳስታል፤ ምክንያቱም መሬቱ ራሱ አስተላላፊ ነውና ከሽቦው በታች ተቃራኒ ቻርጅ ይሰበሰብበታል። ውጤቱ ከመሬት በታች 20 ሜትር ላይ ተቃራኒ ቻርጅ የያዘ ሌላ ሽቦ ቢኖር የሚሆነው ነው፤ በሽቦው ሥር ባለው መሬት ላይ መስኩን በትክክል እጥፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ኔጌቲቩ ሽቦ ይቀንሰዋል። ሁሉንም ስንደምር ከአንደኛው ወገን በታች ወደ 3,300 ቮልት በሜትር እናገኛለን። ጥርት ባለ ቀን ምንም መስመር በሌለበት ሜዳ ላይ ያለው ተፈጥሯዊ መስክ ወደ 100 ቮልት በሜትር ነው።

መሐንዲሶች ይህን የሚለኩት የሚሽከረከር ክንፍ ባለው መሣሪያ ነው፤ ክንፉ ከሥሩ ያለውን ብረት እየሸፈነና እየገለጠ፣ መስኩ በብረቱ ላይ የሚያመጣውን ቻርጅ ያነባል። በዲሲ መስመሮች ሥር ንባቡ ከስሌቱ ብዙ ሲበልጥ ይገኛል፤ አንዳንዴም ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል ብቻ ያይላል። ያን ጊዜ ስህተቱ ከስሌቱ አይደለም። በሽቦው ላይ ኮሮና ተነሥቶ የወጣው ቻርጅ በአየሩ ውስጥ ተንሳፍፎ፣ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሞልቶታል፤ ቻርጁ በሽቦው ላይ ብቻ ነው ብለን የጀመርንበት ግምት ከዚያ በኋላ አይሠራም።